የፈረንሳይኛው ክፍተት በአማርኛው ገጽ ምን ይሠራል?

እንደምን ሰነበታችሁ። በእጄ ያለው ሥራ በግራ ገጽ ፈረንሳይኛ፣ በቀኝ ገጽ አማርኛ ሆኖ የሚታተም የልጆች ተረት መጽሐፍ ነው፤ 96 ገጽ አለው። የመጨረሻውን የእርማት ቅጂ ወረቀት ላይ አትሜ ስመለከተው በአማርኛው ወገን ሦስት ነገሮች ዐይኔን ወጉኝ። አንደኛው ጥቅሱ ነው፤ «መጣሁ» መሆን የሚገባው « መጣሁ » ሆኖ በሁለቱም በኩል ተራርቋል። ሁለተኛው፣ ከጥያቄ ምልክትና ከቃለ አጋኖ በፊትም እንዲሁ ክፍተት አለ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሦስተኛው ነው። ከአራት ነጥብ በፊት አንዳንድ ገጽ ላይ ክፍተት አለ፣ አንዳንድ ገጽ ላይ የለም። ገጽ 15 ላይ አንድም የለም፤ ገጽ 41 ላይ አራት ነጥቡ ሁሉ ከቃሉ ተጣልቶ ብቻውን ቆሟል። ገጽ አቀናባሪው ፈረንሳይኛው እንደዚያ ስለሆነ አማርኛውም ቢመስለው ያምራል ይላል። አሳታሚው በተቃራኒው ክፍተቱ ከሁለቱም ቋንቋ ይጥፋ ብሎ አዞኛል። የማንን ልስማ? 96 ገጽስ ዐይኔን ብቻ ሳላምን እንዴት ልፈትሽ?

ይህን ጽፌ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ የመጡትን መልሶች እንደ አመጣጣቸው ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ፤ ክሩ ስለረዘመ ብዙዎቻችሁ መሐሉን ዘላችሁ መጨረሻውን ብቻ እንደምታነቡ አውቃለሁና።

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ ከጡረተኛ ፊደል ለቃሚ መጣ። ጋሼ ሁላችንንም በየተራ ሰላም ካሉ በኋላ ሁለቱም ተሳስተዋል የሚል ፍርድ ሰጡ። እሳቸው እንደሚሉት ፈረንሳይኛ ከጥያቄ ምልክት በፊት የሚተወው ክፍተት የሥርዓቱ አካል ነው፤ ያንን ማጥፋት ፈረንሳይኛውን ማበላሸት ነው። አማርኛ ግን ምልክቱን ከቃሉ ጋር አጣብቆ የሚጽፍ ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን ባዶ ቦታ ራሱ በጣት የሚያዝ የእርሳስ ቁራጭ እንደነበረ አስታወሱን። ለቃሚው ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን መርጦ በእጁ ይሰካ ነበር፤ መሥመሩ የት እንደሚሰበርም የሚወስነው እሱ ስለነበረ ጥያቄ ምልክት ብቻውን ወደ ታችኛው መሥመር አይወርድም ነበር። አሁን የሚሰብረው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ክፍተት ካየ ይሰብራል አሉ።

መልስ 2

ቀጥሎ የመጣው ሰው ቸኩሎ ነበር። ፈረንሳይኛ አንድ ቀላል ሕግ አለው አለ። ከሁለት ቁራጭ የተሠሩት ምልክቶች፣ ማለትም ; : ! ? ከፊታቸው ክፍተት ይፈልጋሉ፤ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አይፈልጉም። ስለዚህ በአማርኛው ፋይል ውስጥ ክፍተትና ጥያቄ ምልክት አንድ ላይ ፈልገህ በጥያቄ ምልክት ብቻ ተካው፤ ለሌሎቹም እንዲሁ አድርግ፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃል ሲል መከረኝ።

የማስታወሻ ዘዴው ጥሩ ነው፤ ይዤዋለሁ። ምክሩን ግን ጽሑፉን ወደ ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ገልብጬ ስሞክረው አንድም ቦታ አልተገኘም ብሎ መለሰልኝ። ክፍተቱ ፊት ለፊቴ እየታየኝ ፕሮግራሙ የለም ይለኛል።

መልስ 3

ይህን የፈታችው ጄኔቫ የምትኖር ተርጓሚ ናት፤ ቁጥር 2ን በመንካት ጀመረች። በእሷ አገላለጽ ክፍተት ሁሉ አንድ አይደለም። በቁልፍ ሰሌዳው ረጅም ቁልፍ የሚመጣው ተራ ክፍተት ነው፤ መሥመር እዚያ ላይ ይሰበራል። በፈረንሳይኛ ምልክት ፊት መግባት ያለበት የማይሰበር ክፍተት ነው፤ እሱም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ባህላዊው የፈረንሳይ አታሚዎች ልማድ በ« » ውስጥና ከ: በፊት ሙሉውን ስፋት ያስገባል፤ መለያው U+00A0 ነው። ከ; ከ! እና ከ? በፊት ግን ቀጭኑን ያስገባል፤ መለያው U+202F ነው። በዐይን ሲታዩ ተመሳሳይ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ አንዱን ሲፈልጉ ሌላው አይገኝም።

ከዚያም ፈረንሳይኛም ቢሆን አንድ አይደለም አለች። ካናዳ ውስጥ ከ; ከ! እና ከ? በፊት ክፍተት አለመተው የተለመደ ሲሆን ከ: በፊትና በጥቅሱ ውስጥ ግን ይተዋል። በእሷ አገር ደግሞ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ እነዚህኑ « » ያለ ምንም ክፍተት ይጠቀማሉ፤ ልክ እንደ እኛ። ድንበሩን ተሻግሮ በጀርመን የሚታተም መጽሐፍ ላይ ግን ያው ምልክት ፊቱን አዙሮ »እንዲህ« ሆኖ ይገኛል። አራሚ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን አገሩንም ነው ብላ ደመደመች።

መልስ 4

ቁጥር 2 ተመልሶ መጣ፤ ተቆጥቷል። ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ለይቶ የሚያይ ሕፃን እስካሁን አልተወለደም፤ እናንተ ለአንባቢ ሳይሆን ለእርስ በርሳችሁ ነው የምታርሙት አለ።

ለሱም አንድ እውነት አለው። ሕፃኑ የስፋቱን ልዩነት አያይም። በ? የሚጀምር መሥመር ግን ያያል፤ ገጽ 30 ላይ ፈረንሳይኛው ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ነበረኝ። ተርጓሚዋ እንዳለችው እዚያ ቦታ ላይ የገባው ተራ ክፍተት ሆኖ ተገኘ።

መልስ 5

ከእስራኤል የጻፈ ወንድማችን የራሱን ጉዳይ ይዞ ገባ፤ ከጥያቄዬ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ክር ነው፤ እኔ ግን ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። በዕብራይስጥና በአማርኛ የሚወጣ በራሪ ጽሑፍ ያርማል። አንዳንድ ጊዜ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሄድ በተደረገ አንቀጽ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ «ሰላም ነው?» ብሎ የጻፈው ጥያቄ ምልክቱ ወደ ፊት ይዘልና «?ሰላም ነው» ሆኖ ይታየዋል። የሚገርመው ጥቅሶቹ ልክ ይመስላሉ። በእርግጥ ግን ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ከፋቹ ወደ ቀኝ ጫፍ ሄዷል፣ ዘጊው ወደ ግራ መጥቷል። ምልክቶቹ በእንዲህ ያለ አንቀጽ ውስጥ በመስታወት እንደሚታይ ነገር ፊታቸውን ስለሚያዞሩ ስሕተቱ ተደብቋል። በእንግሊዝኛው “ ” የጻፈ እንደሆነ እነዚህ ስለማይዞሩ ጀርባና ጀርባ ሆነው ወዲያው ይጋለጣሉ። አራት ነጥብ ግን እንደ ፊደል የራሱ አቅጣጫ ስላለው ከቦታው አይነቃነቅም። ጥያቄ ምልክቱን ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀ።

መልስ 6

አንድ መምህር ጥያቄዬን ጭራሽ ሳያነቡት መለሱ። የችግሩ ሁሉ ሥር አራት ነጥብን በወጉ አለመጻፍ ነው አሉ። አንዱ ። ይጽፋል፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታ ፡፡ ያደርጋል፤ ሰነፉ ደግሞ የላቲኑን :: ይደረድራል። ሦስቱም በወረቀት ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ። ብሎ የፈለገ አራሚ ግን ሁለቱን አያገኛቸውም። ትውልዱን ወቅሰው ወጡ። ስለ ክፍተት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በልቤ ምን አገናኘው ብዬ አለፍኩት፤ ኋላ ግን አፈርኩ።

መልስ 7

እዚህ ላይ ክሩ ተንሸራተተ። አንዱ ሥነ ጽሑፍ በጭረት ይያያዛል አለ፤ ቁጥር 6 አይያያዝም አሉ፤ ሌላው በስላቅ ምልክት ¡ ያጌጠ ዓረፍተ ነገር ወረወረ፤ መምህሩም ዕድሜያቸውን የሚመጥን ያልሆነ መልስ ሰጡ። ሁሉንም እንደ አንድ መልስ ቆጥሬዋለሁ። ጋሼ ገብተው ልጆች፣ የሰው ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ እየቀዘቀዘ ነው ብለው አበረዱት።

መልስ 8

ከዚያ በሁለት ቋንቋ በሚታተሙ መጻሕፍት ላይ ለዓመታት የሠራች አርታኢ መጣች። መልስ ሳትሰጥ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ አማርኛውን የተረጎሙት ስንት ሰዎች ናቸው? ፋይሉ ወርድ ላይ ሲከፈት የአማርኛው አንቀጽ ቋንቋ ምን ተብሎ ተመዝግቧል?

ለምን እንደምትጠይቅም አስረዳች። ወርድ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው ብሎ ካመነ ጸሐፊውን የሚያግዝ እየመሰለው ራሱ ክፍተት ይጨምራል። የላቲኑ የጥቅስ ቁልፍ ሲመታ «ን ከማይሰበር ክፍተት ጋር ያወጣል፤ ; : ! ? ሲመቱም ከፊታቸው ያንኑ ያስገባል። ተርጓሚው ፈረንሳይኛውን ፋይል ገልብጦ፣ ዓረፍተ ነገሩን እያጠፋ በላዩ አማርኛ ከጻፈ የአንቀጹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። የሚገባው ሁልጊዜ ሰፊው ስለሆነ፣ በአማርኛዬ ውስጥ ቀጭኑ ካልተገኘ ይህ የወርድ እጅ እንጂ የገጽ አቀናባሪው ምርጫ አይደለም አለች። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ ጠቋሚውን ከተጠረጠረው ክፍተት ቀጥሎ አቁሞ Alt+X መምታት ነው። ክፍተቱ ወደ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ደግሞ ሲመታ ይመለሳል።

መልስ 9

ይህ የእኔ ነው። ገጽ 41ን ከፍቼ ከአራት ነጥቡ በፊት ያለውን ክፍተት በዚህ መንገድ ሞከርኩት፤ 00A0 ሆኖ ወጣ። የአንቀጹ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። ነገር ግን ገጽ 15ም ቋንቋው ፈረንሳይኛ ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ አራት ነጥቡ ግን ደህና ነው። እንዴት?

ተርጓሚዎቹ ሁለት ነበሩ። ስልክ ደወልኩ። የመጀመሪያዋ እስከ ገጽ 36 የጻፈችው በግእዝ ቁልፍ ሰሌዳ እውነተኛውን ። እየመታች ነው። ወርድ ይህን ምልክት ከፈረንሳይኛዎቹ ስለማይቆጥረው አልነካውም። ሁለተኛው ሰው ግን መምህሩ ሰነፍ ያሉት ነው፤ :: ይመታል። ወርድ :: ባየ ቁጥር ከፊቱ ክፍተት ሰካ። ኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልተገኘም፣ :: የሚለውን ሁሉ በ። ተካ። ነጥቡ ተቀየረ፤ ክፍተቱ ግን እንደ ተባረረ ሰው ጥላ በቦታው ቀረ። ቁጥር 6ን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ጥያቄዬን ሳያነቡ መልሱን አምጥተዋል።

መልስ 10

አርታኢዋ አሁን ቅደም ተከተሉን አስቀመጠችልኝ። በመጀመሪያ የአማርኛውን አንቀጽ ሁሉ ቋንቋ ወደ አማርኛ መመለስ፤ ይህ ካልተደረገ በእርማት ጊዜ የሚጻፍ እያንዳንዱ ? አዲስ ክፍተት ይወልዳል። ቀጥሎ አማርኛውን ከፈረንሳይኛው ለይቶ በሌላ ፋይል ማውጣት፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ከተፈለገ የፈረንሳይኛው ክፍተት አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በሊብሬኦፊስ ፍለጋ ውስጥ `Regular expressions` የሚለውን አብርቶ በአማርኛው ፋይል ይህን መፈለግና በ `$1` መተካት፦

```
[ \u00A0\u202F]+([።፣፤፦?!»])
```

ለከፋቹ ጥቅስ ደግሞ ይህን ፈልጎ በ« ብቻ መተካት፦

```
«[ \u00A0\u202F]+
```

በፈረንሳይኛው ፋይል የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ተራው ክፍተት በምልክት ፊት የት እንደገባ ማወቅ፦

```
 [;:!?»]
```

መጀመሪያ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሲገለብጡ እንዳይጥሉት አስጠነቀቀች። ይህኛው እያንዳንዱ እየታየ በእጅ ይተካ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚለው አይነካ አለች፤ አንዱ ሰፊውን፣ ሌላው ቀጭኑን ይፈልጋልና።

የመጨረሻው ሥራ ወረቀት ላይ ነው። ከፒዲኤፉ የታተመውን ገጽ ማንበብ ትቶ ማስመሪያውን በግራው ኅዳግ ላይ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መውረድ፤ በ? ወይም በ» የሚጀምር መሥመር ካለ ይታያል። ከዚያ በቀኝ ኅዳግ እንደዚያው ወርዶ በ« የሚያልቅ መሥመር መፈለግ። ቃሉን እያነበበ ይህን ለማየት የሚሞክር ሰው ተረቱ ይዞት ይሄዳል አለች፤ እውነቷን ነው፤ እኔን ቀበሮው ይዞኝ ሄዶ ነበር።

መልስ 11

የጄኔቫዋ ተርጓሚ ቀበሮውን ስትሰማ ሌላ ነገር ጠረጠረች። የፈረንሳይኛ ተረት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ጥቅሱ ከመጀመሪያው ተናጋሪ ፊት አንድ ጊዜ ይከፈታል። ተናጋሪው ሲለወጥ አዲስ መሥመር በረጅም ጭረት ይጀምራል፤ ጥቅሱ የሚዘጋው ንግግሩ ሁሉ ሲያልቅ ነው። አለው፣ መለሰ የሚለው የተራኪው ቃልም ጥቅሱን ሳያስዘጋ መሐል ይገባል። ምልክቱን እንዳለ ይዞ የተረጎመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያወጣል ብላ ገመተች፦

«ወዴት ትሄዳለህ? አለው ቀበሮው።
— ወደ ገበያ፣ መለሰ አውራ ዶሮው።»

ገጽ 53ን አየሁ። ቃል በቃል ይኸው ነው። በአማርኛ ሲነበብ አለው ቀበሮው የሚለውን የተናገረው ራሱ ቀበሮው ይመስላል። መሆን የነበረበት፦

ቀበሮው «ወዴት ትሄዳለህ?» አለው።
አውራ ዶሮውም «ወደ ገበያ» ሲል መለሰ።

ከፋችና ዘጊ ጥቅሶችን በጠቅላላው መቁጠር ይህን አያጋልጥም፤ አንድ ተከፍቶ አንድ ተዘግቷልና ሒሳቡ ልክ ነው። አንቀጽ በአንቀጽ የሚያየው ፍለጋ ግን ያጋልጠዋል። የመጀመሪያው ተከፍቶ ሳይዘጋ ያለቀውን አንቀጽ፣ ሁለተኛው ሳይከፈት የተዘጋውን ያወጣል፦

```
«[^»]*$
^[^«]*»
```

በአማርኛው ፋይል ስሞክረው 7 ንግግሮች ወጡ፤ ሁሉም በሁለተኛው ተርጓሚ እጅ። ወሰኑንም ልናገር፤ ንግግሩ ከሁለት መሥመር በላይ ከሆነ በመሐል ያሉት መሥመሮች ጭረት ብቻ ስላላቸው አይያዙም። ስለዚህ — ብቻውን ደግሜ መፈለግ ነበረብኝ። ይህ ለተርጓሚው ተመልሶ የሚላክ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ስለሚለወጥ አራሚ በምልክት ብቻ አያቃናውም።

መልስ 12

ቁጥር 2 ደግሞ መጣ፤ አሁን ለስለስ ብሎ። በወርድ የላቲኑን ቀጥ ያለ " ቢፈልግ ሁሉንም ጥቅስ አያገኝም ወይ ብሎ ጠየቀ። አርታኢዋ ጥቂት ትዕግሥት አጥታ መለሰችለት፤ ወርድ በተራው ፍለጋ ቀጥ ያለውንና ጠመዝማዛውን “ ” አይለይም፤ ስለዚህ አራሚ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሊለይ ሲፈልግ ያ ፍለጋ ያወናብደዋል አለችው። እግረ መንገዷንም ለቁጥር 5 መፍትሔውን ጣል አደረገች፦ አንቀጹን ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ አድርገው፤ ጥያቄ ምልክቱን በእጅህ ወደ ኋላ ብትወስደው ጽሑፉ ሌላ ቦታ ሲገለበጥ እንደገና ይበላሻል።

መልስ 13

ከዚህ በኋላ ያለው ገና እየነደደ ነው። ጋሼ «እመጣለሁ» የሚል ቃል በጥቅስ ሲቀመጥ አራት ነጥቡ ከጥቅሱ ውጭ፣ ከ«አለ» በኋላ ይሁን ይላሉ፤ በማተሚያ ቤታቸው እንደዚያ ነበር። መምህሩ በጥቅሱ ውስጥ ያለው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ከሆነ የራሱ አራት ነጥብ ይገባዋል ባይ ናቸው። አርታኢዋ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ አይቀላቀሉ እንጂ የትኛውም ቢሆን አልጣላም አለች፤ ሁለቱም በዚህ ተቀየሟት። እኔ የጋሼን ወስጄ በሥራው ወረቀት አናት ላይ ጽፌዋለሁ።

አሳታሚው የፈረንሳይኛው ክፍተት እንዲቀር ተስማምቷል፤ ያሳመነው የኔ ክርክር ሳይሆን ገጽ 30 ላይ ብቻውን የወረደው ? ነው። ትናንት አዲሱን ቅጂ አትሜ በማስመሪያ ወረድኩበት። ግራው ኅዳግ ንጹሕ ነው። በቀኝ በኩል ገጽ 72 ላይ አንዲት « መሥመሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አገኘሁ፤ ፈረንሳይኛው ነው፤ ከኋላዋ ተራ ክፍተት አለ። የአርታኢዋ ሦስተኛ ፍለጋ ከምልክት በፊት ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከከፋቹ ጥቅስ በኋላ ያለውን አንዳችንም አላሰብነውም። ይህን ጨምሩበት፤ ከ«ዋ ቀጥሎ ያለው ተራ ክፍተት ነው፦

```
«[ ]
```